ባለቤቱ የታመመችበት ስቶር ኪፐርና አለቃው፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ መልስ የሚሰጡን ጅማ ውስጥ በቡና ማበጠሪያዎችና በሌሎች የግል ድርጅቶች ለረጅም ዓመታት የሠራተኛ አስተዳደርን የመሩ እናት ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ስድስት ዓመት አብሮን የሠራ ስቶር ኪፐር አለን። ባለቤቱ ከታመመች ወዲህ አዲስ አበባ ሲመላለስ ሥራው ተበላሸ። ባለፈው ሳምንት የታጠበ ቡና መጫን ሲገባው ያልታጠበውን አስጭኖ፣ በር ላይ ነው የተያዘው። ልቆጣውም አልቻልኩም፣ ዝም ልለውም አልቻልኩም።

መልስ፦ ሰውየውን ከመጥራትህ በፊት መዝገቡን አስመጣ ልጄ። የቡናው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ፣ የስድስት ወሩን ገልብጥ። ስህተቱ ከመንገድ በተመለሰ ማግሥት ብቻ ከሆነ ድካም ነው፣ የሥራ ቀኑን በማስተካከል ይቃናል። ባለቤቱ ከመታመሟም በፊት የነበረ ከሆነ ግን በሐዘኔታ የምትሸፍነው ሌላ ችግር አለ። ቆጠራ ላይ ጆንያ ከጎደለ ደግሞ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ከዚህኛው ጋር አትቀላቅለው።

ከዚያ ብቻውን ጥራው፣ በሩን ዝጋ። «ቤት እንዴት ነው?» ብለህ አትጀምር፤ ለሥራ እንደጠራኸው እያወቀ ስለ ቤቱ ስትጠይቀው ይሸማቀቃል። «ማክሰኞ የተጫነው ቡናና የመውጫ ሰነዱ አልተገናኙም፤ ምን ሆነ?» በለውና ዝም በል። ዝምታው ይከብድሃል፣ ግን አንተ አትሙላው። የቤቱን ነገር እሱ ካነሳው አዳምጥ። የበሽታውን ዝርዝር ግን አትጠይቅ፤ ወሬው ኋላ ከሌላ ሰው ቢወጣ እንኳ ያወራኸው አንተ ትሆናለህ፣ በጅማ ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሥራውን ቀንስለት፣ ግን በወረቀትና ማብቂያ ቀን ተጽፎበት። ብዙ አለቃ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በሆዱ ይቅር ይልና ሁለት ሦስት ወር ይሸከማል፣ አንድ ቀን ይሰለቸውና ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ሠራተኛው እስከዚያ ድረስ ማንም ምንም ስላላለው ደህና እየሠራሁ ነው ብሎ ያምናል። ማስጠንቀቂያው ሲደርሰው የሚገባው ስለ ሥራው መሆኑ አይደለም፤ «በጭንቄ ጊዜ ጨከኑብኝ» ነው የሚለው።

ለአንተ ሰው ወረቀቱ ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦ «ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 15 የገቢ ቡና ምዝገባ ለረዳቱ ተላልፏል። ስቶር ኪፐሩ የወጪ ቡናውን ብቻ ይሠራል። ከመጫኑ በፊት የሚወጣውን የቡና ሎት ከኃላፊው ጋር ሁለት ሆነው ያረጋግጣሉ። ቢን ካርድ በዕለቱ ይሞላል። ዘወትር ዓርብ አብረን እናያለን።» በሽታም፣ ሚስትም አይጻፍበት፣ «በግል ጉዳይ» ይበቃል። ሁለታችሁም ፈርሙበትና አንድ ቅጂ ስጠው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ለምን? በሕጉ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ በቀጥታ ይሰናበታል።

መልስ፦ ግማሹን ይዘኸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27፣ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ቀን መቅረት ወይም ስምንት ጊዜ ማርፈድ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይጠበቅ ያሰናብታል፣ ልክ ነህ። ግን ስለ ጥፋቱ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ሲሆን ነው። ሕጉ የሚሰጠው ፈቃድም እንደ መቅረት አይቆጠርም። ስድስት ዓመት የሠራ ሰው በዓመት 18 የሥራ ቀን እረፍት አለው፤ በዚያ ላይ ከባድ ችግር ሲገጥመው በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መውሰድ ይችላል። አለቃው ይህን ሳይነግረው ቀሪ እያለ ከመዘገበበት፣ ክርክር ሲመጣ የሚቸገረው አለቃው ነው። የማሰናበቻውን ምክንያት አውቆ 30 የሥራ ቀን ያሳለፈ አሠሪም በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ለዚህ ነው ጥፋት እያጠራቀሙ መቆየት የማይጠቅመው።

ጥያቄ፦ አዴ፣ እኔ ራሴ ነኝ እንዲህ የሆንኩት። እናቴ ካረፈች ወር ሊሆነኝ ነው። ሦስት ቀን ሰጡኝ፣ አለቀ። እንቅልፍ የለኝም፣ ገንዘብ ስቆጥር ይሳሳትብኛል። አመመኝ ብዬ ልቅር?

መልስ፦ እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ጥያቄው የአለቃ ነበር፣ ግን ያንቺም ይመለሳል። ለእናት ሞት ሕጉ የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር ሦስት የሥራ ቀን ነው፣ እሱ ላይ አልበደሉሽም። የሕመም ፈቃድ ግን የሚሰጠው ለሠራተኛው ለራሱ ሕመም ነው፤ ወር ሙሉ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ሕመም ነው። ሐኪም ጋ ሂጂና እውነቱን ንገሪው። ማስረጃ ከጻፈልሽ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ናቸው። ያለ ወረቀት «አመመኝ» ብለሽ አትቅሪ። መሥሪያ ቤትሽ የመንግሥት ከሆነ የምትዳኚው በሌላ ሕግ ነው፣ እዚያው አስተዳደር ጠይቂ።

የመጋዘኑ ኃላፊም ይህን ልብ በል፤ የአንተ ሰው የታመመው እሱ ሳይሆን ሚስቱ ናት። በእሷ ሕመም የእሱን የሕመም ፈቃድ አትሙላ፣ ኋላ ሁለታችሁንም ያስጠይቃል።

አስተያየት (የሂሳብ ሠራተኛ)፦ እትዬን አከብራለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ልቡ መንገድ ላይ ላለ ሰው የመጋዘን ቁልፍ አይሰጥም። እኔ ብሆን ለስድስት ሳምንት ሌላ ሥራ ላይ አደርገው ነበር።

መልስ፦ ቁልፉን ስትቀበለው ሰዉ «ሌባ ተባለ» ይላል፤ ስድስት ዓመት የገነባው ስም ይወድቃል። ሎቱ ተደባልቆ ቢጫን ደግሞ ድርጅቱ ገዢ ፊት የሚገባበት ጣጣ ቀላል አይደለም፣ እሱም እውነት ነው። ሁለት ሰው ማረጋገጡ ይበቃል ብዬ ነው የማምነው፣ አንተም ምክንያት አለህ። የማንደራደርበት አንድ ነገር ግን አለ፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ቆጠራ ተደርጎ፣ ተረካቢና አስረካቢ ፈርመው ይሂድ። ሳይቆጠር ሄዶ ሲመለስ አሥር ጆንያ ቢጎድል ያለ ጥርጥር በእሱ ላይ ነው የሚለጠፈው።

ጥያቄ፦ ረዳቱ ማጉረምረም ጀምሯል፤ «የእሱን ሥራ እኔ እየሠራሁ ደመወዙን እሱ ይበላል» ይላል። የድርጅቱ ባለቤትም ለስቶር ኪፐሩ ለሕክምና ያበደሩትን ከደመወዙ በግማሽ እየቆረጡ ነው።

መልስ፦ ረዳቱ ልክ ነው። ማብቂያ ቀኑን ንገረው፣ ከሰዓቱ በላይ ከሠራ የትርፍ ሰዓቱን ክፈለው። የሌላውን ሰው ችግር ግን እንደ ምክንያት አታቅርብለት። ከደመወዝ በአንድ ጊዜ መቁረጥ የሚቻለው እስከ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ግማሽ አይፈቀድም። ይህን ለድርጅቱ ባለቤት አንተ ንገራቸው፣ ሠራተኛው ደፍሮ አይነግራቸውም።

ጥያቄ፦ ኅዳር 15 ደርሶም ካልተሻሻለስ?

መልስ፦ የዓርቦቹን ወረቀቶች ደርድራቸው። ስህተቱ እየቀነሰ ከመጣ፣ ገና ባይጠፋም፣ አንድ ጊዜ አራዝምለት፣ አሁንም ከነማብቂያ ቀኑ። ካልቀነሰ ብዙ ትኩረት የማይጠይቅ ሥራ ካለህ አማክረው፣ መቀበሉንም በጽሑፍ ያዝ። እሱም ካልሆነ መንገዱ አንቀጽ 28 ነው፤ የሥራ ችሎታ መቀነስ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ ምዘና መታየት አለበት፣ ለስድስት ዓመት አገልግሎት ደግሞ የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሁለት ወር ነው። ምዘና የሚባል ነገር በድርጅታችሁ ከሌለ፣ ከአሁኑ ለሁሉም ሠራተኛ ጀምሩ። ለእሱ ብቻ የተጀመረ ምዘና የት እንደሚያደርስ ሁሉም ያውቀዋል።