የአድሴንስ ሂሳብና የባንክ ስቴትመንት ለምን አይገጥሙም?

ጥያቄ፦ «ዩቲዩብ ላይ እሠራለሁ። ከጎግል በየወሩ ዶላር ይገባልኛል፣ አልፎ አልፎ ደግሞ እዚሁ ያሉ ድርጅቶች ማስታወቂያ ያሠሩኛል። ዘንድሮ ግብሬን ላሳውቅ ብዬ ብቀመጥ የባንክ ስቴትመንቴ ጎግል የማስታወቂያ ገቢዬን ከሚያሳይበት ከአድሴንሱ ጋር ጭራሽ አይገጥምም። የቱን ቁጥር ነው የማሳውቀው? እናንተ እንዴት ነው የምትመዘግቡት?»

እህቴ፣ ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፤ ለማስታረቅም አትድከሚ። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የጨረስኩት በዚሁ ነው። ኤክሴል ከፍቼ «ጁን፣ ጁላይ፣ ኦገስት» ብዬ በየወሩ አንድ መስመር እሞላ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ድምሩ ከባንኩም ከግብር ዓመቱም ጋር አልገናኝ አለኝ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የጎግል ጁን የኛ ሰኔ አይደለም፣ ከግንቦት 24 እስከ ሰኔ 23 ያለው ነው። ሂሳቡ ተጣርቶ አድሴንስ ላይ የሚወጣው ጁላይ ከ7 እስከ 12 ባለው ጊዜ ነው፣ ገንዘቡ የሚላከው ደግሞ ከ21 እስከ 26 ባለው። የኛ የግብር ዓመት ሐምሌ 1፣ ማለትም ጁላይ 8 ላይ ይጀምራል። ስለዚህ የጁን ገንዘብ የተሠራው ባለፈው የግብር ዓመት፣ እጅሽ የገባው በአዲሱ ነው። እኔ ደረጃ «ለ» ግብር ከፋይ ስለሆንኩ ገቢ ብዬ የምይዘው ገንዘቡ በገባበት ቀን ነው። ደረጃ «ሀ» ያለ ሰው ግን ገቢው የተገኘበትን ጊዜ ነው የሚከተለው፤ እሱ ያለ ሂሳብ ባለሙያ ባይነካካው ይሻላል።

አሁን መስመር የምሞላው በወር ሳይሆን ባንክ በገባ ቁጥር ነው። አንድ ክፍያ፣ አንድ መስመር። የማልረሳውን አንዱን ላሳይሽ፣ የ2016 ሐምሌን።

የጁን ገቢዬ አድሴንስ ላይ 412 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። ከዚህ ውስጥ 140 ዶላሩ አሜሪካ ካሉ ተመልካቾች የመጣ ነው። ጎግል ከዚያ ክፍል ላይ 30 በመቶ የአሜሪካ ታክስ ይቆርጣል፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ስለሌላት ቅናሽ የለንም። 42 ዶላር ሄደ ማለት ነው። የተላከልኝ 370.60 ሆነ። መንገድ ላይ ያለው አስተላላፊ ባንክ ደግሞ 20 ዶላር ወስዶ 350.60 ደረሰኝ። ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ የገባው ሰኞ ሐምሌ 22 ነው፣ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ የለቀቀበት ቀን። ቅዳሜ ዕለት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሰኞ ባንኩ በ74 ብር ከ73 ሳንቲም መነዘረልኝ። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ ጎግል «ላክሁ» ባለበት ቀን ምንዛሪ መዝግቤው ነበር። በዚህች አንዲት ክፍያ ብቻ መዝገቤ ከባንኩ ስድስት ሺህ ብር ያህል አነሰ። ያኔ ነው የገባኝ፦ ምንዛሪው ከባንኩ የገቢ ማስታወቂያ ወረቀት ላይ እንጂ ከኢንተርኔት አይወሰድም።

ባንክ የገባው 26,200 ብር ከ34 ሳንቲም ነው። የጻፍኩት ገቢ ግን 30,833 ብር ከ60 ሳንቲም ነው፣ ማለትም 412.60 ዶላሩ በ74.73 ተባዝቶ። ልዩነቱ 4,633 ብር ከ26 ሳንቲም ነው፣ የት እንደሄደም ይታወቃል፦ 3,138.66 የአሜሪካ ታክስ፣ 1,494.60 የባንክ ክፍያ። የጥያቄሽ መልስ እዚህ ጋ ነው። የምታሳውቂው ባንክ የገባውን ሳይሆን ሳይቆረጥ በፊት ያለውን ነው፤ የተቆረጠው በየስሙ በራሱ ዓምድ ይገባል። የደረጃ ምደባውም የሚታየው በዓመት ገቢሽ ስለሆነ የተጣራውን ብቻ ስትጽፊ ሳታውቂው ገቢ አሳንሰሽ አሳወቅሽ ማለት ነው።

የባንክ ክፍያውን በቃል ብትናገሪው ማንም አይቀበልሽም። ባንኩን የስዊፍት ኮፒ ስጡኝ በዪ፤ ስንት ተልኮ ስንት መንገድ ላይ እንደተቆረጠ እሱ ላይ አለ። እኔ በየሦስት ወሩ እሰበስባለሁ፤ ዓመት ቆይተሽ ስትጠይቂ ያጉላሉሻል።

ለአሜሪካው ታክስ ያለሽ ወረቀት 1042-S ይባላል። ጎግል በየዓመቱ መጋቢት አካባቢ ያወጣዋል፣ ከአድሴንስ አውርጂው። ሕጋችን ውጭ አገር ለተከፈለ ግብር ማካካሻ ይፈቅዳል፣ ማስረጃ ሲኖርና በዚያው ገቢ ላይ እዚህ ከሚደርስሽ ግብር ሳይበልጥ። ችግሩ ቅጹ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ያለውን በአንድ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ፤ የኛ ዓመት ደግሞ ሐምሌ ላይ ይቆረጣል። ለዚህ ነው በየመስመሩ የፈረንጁንም የሐበሻውንም ቀን የምጽፈው። ሁለት የ1042-S ወረቀት ይዤ ስቀርብ የትኛው ቁራጭ በየትኛው የግብር ዓመት እንደሚወድቅ በዝርዝር አሳያለሁ። ያለዚህ ዝርዝር መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ባለሙያዋ ወረቀቱን ገልብጣ አይታ መለሰችልኝ፣ አልፈርድባትም።

አገር ውስጥ ስፖንሰር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። 60,000 ብር ተዋውለሽ 60,000 አይገባልሽም፤ ከፋዩ ቅድመ ግብር ይቆርጣል። ቀድሞ 2 በመቶ ነበር፣ በ2017 በወጣው ማሻሻያ 3 ሆኗል፤ ስለዚህ ዛሬ 1,800 ቆርጦ 58,200 ይሰጥሻል። እዚህም ገቢሽ 60,000 ነው፤ 1,800ው በስምሽ ቀድሞ የተከፈለ ግብር ስለሆነ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይታሰብልሻል። የሚታሰብልሽ ግን የቅድመ ግብር ደረሰኙ እጅሽ ካለ ነው። አንድ ድርጅት «ፋይናንስ ክፍል አለ፣ ነገ ና» እያለ ወራት አመላለሰኝና ደረሰኙን ሳያገኝልኝ ያናገረኝ ልጅ ሥራ ለቀቀ፤ 1,200 ብሬ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቪዲዮው የሚለጠፈው ክፍያውና ደረሰኙ አብረው ሲመጡ ነው፣ ውሉ ላይም እጽፈዋለሁ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለሽ ደግሞ የሚቆረጠው 30 በመቶ ነው፤ ከ60,000 ላይ 18,000 ብር።

በዕቃ የሚከፍሉም አሉ። ስልክ ሰጥተው «አንድ ቪዲዮ ሥሪልን» ካሉ እሱም ገቢ ነው። የዚያን ሰሞን የሱቅ ዋጋውን ውሉ ላይ አስጽፊና መስመር ስጪው። ለማየት ብቻ ልከውልሽ የምትመልሺው ከሆነ የመለስሽበትን ርክክብ ያዢ።

ሌላ፣ የሥራውን ገንዘብ ከቤት ወጪ የተለየ ሒሳብ ውስጥ አስገቢው። እኔ እቁቤም የእህቴ ከዱባይ የምትልከውም እዚያው ይገባ ነበር፤ የትኛው ዶላር የሥራ እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

አሁን ማታ አድሴንስ ስትከፍቺ ለአሜሪካ ታክስ የሚሞላውን W-8BEN የተባለ ቅጽ መቼ እንደሞላሽ እዪ። ከፈረምሽበት ዓመት በኋላ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ዲሴምበር 31 ላይ ይሞታል። ካላደስሽው ጎግል ከአሜሪካ ተመልካች ብቻ ሳይሆን ከዓለም ሁሉ ገቢሽ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቆርጥ ይችላል። የአንዳንድ ወር ልዩነትሽ ከገመትሽው በላይ የበዛው በዚህ ሊሆን ይችላል።