አለርጂ ላለበት ልጅ ብስኩት ስትልኩ ማሸጊያው ላይ ያለውን ዝርዝር እንዴት ትተረጉማላችሁ?

ወደ አዳማ ሻንጣ የሚልክ ሰው ብስኩትና ቸኮላት ሳይጨምር አይቀርም። ቤት ውስጥ ወተትና እንቁላል የማይስማማው ልጅ ካለ ግን የይዘት ዝርዝሩም ተተርጉሞ አብሮ መሄድ አለበት። ጣፋጩን ከፍታችሁ የምትሰጡት እናንተ አይደላችሁማ። አያቱ ናት፣ ሞግዚቷ ናት፣ አንዳንዴም ለበዓል ብቅ ያለ ጎረቤት ነው። እኔ ለእህቴ ልጅ ይህን ሥራ ከያዝኩት ዓመታት አልፈዋል። የለመድኩትን ላካፍላችሁ።

ስልካችሁ ላይ ያለው ተርጓሚ ቃሉን ይቀይርላችኋል እንጂ አደጋውን አይነግራችሁም። ስለዚህ ከአውሮፓ ለምትልኩት ነገር ከሕጉ ጀምሩ። ከ2014 መጨረሻ አንስቶ በአውሮፓ ኅብረት የታሸገ ምግብ ላይ 14 ዓይነት አለርጂ የሚያስነሱ ነገሮች በዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው መታየት አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ በወፍራም ፊደል ነው የሚጻፉት። ወተትም እንቁላልም ከ14ቱ ውስጥ ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ 9 ነገሮች ናቸው ግዴታ የሆኑት፤ ሰሊጥ በ2023 የተጨመረው ዘጠነኛ ነው። የምግብ ተጨማሪዎች መለያ የሆኑትን በE የሚጀምሩ ቁጥሮች እዚያ ብዙም አታዩም፣ የንጥረ ነገሩ ሙሉ ስም ነው የሚጻፈው።

አሁን አንድ የቸኮላት ዌፈር እንውሰድ። ዝርዝሩ ይህን ይመስላል፦ የስንዴ ዱቄት፣ ስኳር፣ የፓልም ዘይት፣ ኮኮዋ፣ ዌይ ፓውደር፣ ኢመልሲፋየር E322 ከሶያ፣ ማንሻ E500 እና E503፣ ጨው፣ ማጣፈጫ። ከሥሩ ደግሞ «እንቁላልና ሄዘልነት ሊኖረው ይችላል» ይላል።

ችኩል አንባቢ «ወተት» የሚለውን ፈልጎ ሲያጣ ይሰጣል። ዌይ ግን እናቶቻችን አይብ ሲያወጡ የሚቀረው አጓት ነው። አጓት ውስጥ የወተት ፕሮቲን አለ፣ ልጁን የሚያሳምመውም ያው ፕሮቲን ነው። ኬዝንና ኬዝኔትም እንደዚሁ ናቸው፤ ኬዝን ማለት አይቡን አይብ የሚያደርገው ፕሮቲን ነው። አሜሪካ ውስጥ «ወተት አልባ» ተብለው ከሚሸጡ የቡና ማቅለሚያ ዱቄቶች መካከል ሶዲየም ኬዝኔት ያለባቸው አሉ። ፊት ለፊት የተጻፈውን ሳይሆን ከኋላ ያለውን አንብቡ የምለው ለዚህ ነው። ጊ የሚባለው ንጥር ቅቤ ነው፤ ቢነጠርም ጥቂት ፕሮቲን ሊቀርበት ስለሚችል ለልጁ «ይሆናል» ብላችሁ አትጻፉ።

በተቃራኒው ስማቸው ብቻ የሚያስደነግጡ አሉ። ኮኮዋ በተር ከካካዋ ፍሬ የሚወጣ ስብ ነው፣ ከላም ጋር አይገናኝም። ላክቲክ አሲድ፣ E270 ማለት ነው፣ ስሙ ወተት ወተት ቢልም በአብዛኛው የሚሠራው ከስኳር ወይም ከስታርች ነው። እነዚህን ሁሉ «ወተት» ብላችሁ ከጻፋችሁ አያቱ ትሰለቻለች። ሁሉም የተከለከለ ከሆነባት በሦስተኛው ጥቅል ላይ ማንበቧን ትተዋለች።

ወደ ዌፈሩ እንመለስ። E322 ሌሲቲን ነው፤ ከሶያ፣ ከሱፍ ወይም ከእንቁላል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለእንቁላል አለርጂ ቁጥሩ ብቻውን መልስ አይሆንም፣ ምንጩ ያስፈልጋል። እዚህ ሶያ ተብሏል፤ ለዚህ ልጅ ችግር የለውም። የአውሮፓ ማሸጊያ ከሶያ ወይም ከእንቁላል ከሆነ የመናገር ግዴታ አለበት። ከሌላ አገር የመጣ ጥቅል ላይ E322 ብቻ ካያችሁ ግን «ምንጩ አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፣ ግምት አትጨምሩ። E500 እና E503 ሊጡን የሚያነሱ ጨዎች ናቸው፤ ዝለሏቸው። ለእንቁላል ልብ ልትሉት የሚገባ ሌላ ቁጥር E1105 ነው። ሊሶዛይም ይባላል፣ ከእንቁላል ነጭ ይወጣል፣ አንዳንድ ጠንካራ ፎርማጆ ውስጥ ይገባል።

«ሊኖረው ይችላል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አምራቹ በፈቃዱ የሚጽፈው ነው። አለመጻፉ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ከተጻፈ ግን እንዳለ ተርጉሙት፣ «እንዲሁ ለወጉ ነው» እያላችሁ አታለስልሱት። ይሰጠው አይሰጠው የሚለው የእናቱና የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

እኛ ቤት ትልቁ ክርክር በጾም ምግብ ላይ ነበር። እማዬ «የጾም ነው እኮ ልጄ፣ ምን ያደርገዋል?» ትላለች። የጾም ብስኩት ማለት ወተት አልተጨመረበትም ማለት ነው። በዚያው ማሽን ጠዋት የቅቤ ብስኩት ተሠርቶበት እንደሆነ ግን አይነግረንም። «ቪጋን» የሚለው ምልክትም እንደዚሁ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ E471 ከእንስሳ ስብ ሊሠራ ስለሚችል የሚጾም ሰው ይጠይቅበታል፣ ለወተት አለርጂ ግን የሚያሳስብ አይደለም። ሁለቱን ጥያቄ ለየብቻ መልሱ።

ከሁሉም የምፈራው «ላክቶስ ፍሪ» የሚለውን ነው። ይህ ወተት ስኳሩ በኢንዛይም የተፈጨ ወተት ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ሙሉ በሙሉ አለ። ሆዱን ለሚነፋው ሰው ይረዳል፣ አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ያው ወተት ነው። «ከላክቶስ ነጻ» ብላችሁ ብቻ ከላካችሁ ቤት ያለው ሰው «ከወተት ነጻ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ከጎኑ «ወተት ነው፣ አይሰጥ» ብላችሁ ጨምሩበት።

ስለ ለውዝም አንድ ነገር ልበል። አንዳንዱ ኦቾሎኒን ለውዝ ይለዋል፣ መዝገበ ቃላት ደግሞ አልሞንድን ለውዝ ይለዋል። ልጁ የሚያመው አንዱ ብቻ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። እኔ ኦቾሎኒን «ኦቾሎኒ» ብዬ፣ አልሞንድንና ሄዘልነትን በፈረንጅ ስማቸው እጽፋለሁ።

ትርጉሙን ረጅም አታድርጉት። ለዌፈሩ የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «ወተት አለው፣ ለልጁ አይሰጥ። ምክንያቱ የአጓት ዱቄት (ዌይ ፓውደር)። እንቁላል በዝርዝሩ የለም፣ ግን ሊኖረው ይችላል ተብሏል።» ብይኑ መጀመሪያ፣ ምክንያቱ ቀጥሎ። የፈረንጁን ስም በቅንፍ የምተወው እህቴ ሌላ ጥቅል ላይ ስታየው እንድታውቀው ነው።

ወረቀቱን በፕላስተር ጥቅሉ ላይ ለጥፉት፣ ውጪኛው ካርቶን ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጠኛው ላይም ጭምር። ካርቶን ሻንጣ ለማቅለል መጀመሪያ የሚጣለው ነገር ነው። የአዳማን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ብስኩቱ እንዳይለሰልስ በደረሰ ቀን ወደ ክዳን ያለው ዕቃ ይገለበጣል። ስለዚህ ለዕቃው የሚሆን ሁለተኛ ወረቀት ጨምሩ።

ያው ዌፈር በዱባይ በኩል መጥቶ አዳማ ሚኒማርኬት ውስጥም ሊገኝ ይችላል። ስሙና ቀለሙ አንድ ይሆናል፣ አሠራሩ ግን ለሌላ ገበያ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። እህቴ እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ከመግዛቷ በፊት የጀርባውን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ፎቶው እጥፋቱ ተዘርግቶ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ «ሊኖረው ይችላል» ድረስ መታየት አለበት። ግማሹ ከተቆረጠ እንደገና እንድታነሳ እጠይቃታለሁ።