ኤስ9 ማለት የግድ 1979 ማለት አይደለም

«ጋሼ፣ አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር እኔ ጋ ደርሷል። ጭንቅላቱ ትልቅ ነው። ከፊቱ በኤስ9 የሚጀምር ቁጥር አለው። የ1979 ነው ልበል? ሦስቱን ፒክአፖችና ቁጥሩን አንስቼ ልኬያለሁ።»

ፎቶውን እንዳየሁ የጠረጠርኩት 1980ን ነው። ትልቁ ጭንቅላት ከ1965 መጨረሻ እስከ 1981 ድረስ ስለተሠራ ብቻውን ብዙ አይነግርህም። ቁጥሩም ያሳስታል። ኤስ ሰባዎቹን፣ 9 ደግሞ 1979ን ያመለክታል፤ ፋብሪካው ግን ኤስ9 የታተመባቸውን ተለጣፊዎች እስከ 1981 ድረስ ተጠቅሞባቸዋል። ደግሞ ተለጣፊ ማንም አሳትሞ ሊለጥፍ ይችላል።

ፒክአፖቹን ተመልከት፤ ከክሮቹ ሥር ሆነው ድምፁን የሚቀበሉትን። የሁለቱ ማግኔቶች ቁመት እኩል ነው፤ የዚያ ዘመን ስትራቶካስተር እንዲህ ነው። ከድልድዩ አጠገብ ያለው ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ተቀይሯል። ገልብጠህ ከሥሩ የተለጠፈ ጥቁር ጠፍጣፋ ማግኔት ካገኘህ፣ ርካሽ ዕቃ ገጥመውበት ይሆናል። ዋናውን አውጥተው የት እንደጣሉት እግዜር ይወቅ!

ዓመቱን የሚነግርህ ፖቱ ነው፤ ቮልዩምና ቶን የምታዞርበት ዕቃ። መጀመሪያ ገመዱን ከጊታሩ ንቀል። ክሮቹን አላላና የፊት ሽፋኑን 11 ብሎኖች ፍታ፤ ፖቶቹ ከሽፋኑ ጀርባ ናቸው። በቆርቆሯቸው ላይ ቁጥር ተመትቷል። 1378022 ቢል እንዲህ ታነበዋለህ። 137 የሠሪው መለያ ነው፤ ሲቲኤስ የተባለው ኩባንያ። 80 ዓመቱ፣ 22 ሳምንቱ ነው። እንግዲህ ያ ፖት የተሠራው በ1980 በግንቦት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ጊታሩ ከዚያ በፊት ሊገጣጠም አይችልም። በኋላ ግን ይችላል፤ ፖት መደርደሪያ ላይ ወራት ሊከርም ይችላልና። ስለዚህ ፖቱ የሚሰጥህ «ከዚህ ወዲህ» የሚለውን ብቻ ነው። ሦስቱንም አንብብና አወዳድር። ሁለቱ 80 ብለው አንዱ 95 ካለ፣ ያ አንዱ ኋላ የገባ ነው። ሦስቱም አዲስ ከሆኑ ስለ ጊታሩ ምንም አይነግሩህም።

አንዳንዴ ቁጥሩ በብየዳ ተሸፍኖ ታገኘዋለህ። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ አንዱ በትልቅ ሳልዳቶሬ ደፍቶበት ሄዷል። አትፋቀው፣ ቁጥሩ ይጠፋል። በጎን በኩል በባትሪ መብራት ፈልግ።

አንገቱ በሦስት ብሎን ከተያዘም ከ1971 እስከ 1981 ካለው ዘመን ጋር ይገጥማል። በአራት ከሆነ ሌላ አንገት ወይም ሌላ ገላ ጠርጥር።

ድጋሚ ልንገርህ፦ ሽፋኑ ክፍት ሳለ ገመዱን አትሰካ። «ድምፁን ልሞክር» ብለህም እንዳትሰካ። ሶኬትህ መሬት ከሌለውና አምፕህ ችግር ካለበት፣ ኤሌክትሪኩ በክሮቹ በኩል እጅህ ላይ ይመጣል።

ፖቶቹን አንሳና ላክልኝ።