«እግዚአብሔር አሳየኝ» ብዬ ልጀምርን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በሰንበት ትምህርት ቤታችን አብራኝ የምታገለግል አንዲት እህት አለች። ስለ እርሷ ሱባዔ ይዤ ጸልያለሁ፤ በሕልምም ያየሁት ምልክት አለ። ለብቻችን አግኝቻት ላነጋግራት እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን እንዴት ብዬ እንደምጠይቃት አላውቅም። ያየሁትን በመንገር ልጀምር ወይስ ስለ አገልግሎት እንነጋገር ብዬ ልጥራት?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ በሁለቱም መንገድ አትጥራት። ጸሎትህ መልካም ነው፤ ያየኸውንም አልነቅፍም፤ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው። ለእርሷ ግን አትንገራት። ብዙ ወጣቶች ሱባዔ ከያዙ በኋላ ያገኙትን ምልክት ሌላው ሰው የመታዘዝ ግዴታ ያለበት ትእዛዝ አድርገው ሲያቀርቡት አይቻለሁ። «እግዚአብሔር አንቺን አሳየኝ» የተባለች እህት «አልፈልግም» ብትል አንተን ሳይሆን እግዚአብሔርን እምቢ ያለች ይመስላታል። ስለዚህ ወይ ልቧ ሳይፈቅድ ትመጣለች፣ ወይ ከጉባኤው ትቀራለች።

ዘፍጥረት ምዕራፍ 24ን እንደገና አንብበው። ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ የተላከው የአብርሃም ሎሌ በውኃው ጉድጓድ አጠገብ የለመነውን ምልክት አንድም ሳይጎድል አግኝቷል። የርብቃ ቤተ ሰቦችም ነገሩ ከእግዚአብሔር እንደ ወጣ መስክረዋል። እንዲያም ሆኖ በማግሥቱ «ብላቴናይቱን እንጥራና ከአፍዋ እንጠይቅ» ተባለ። አብርሃምም አስቀድሞ ሴቲቱ ለመምጣት ባትፈቅድ ሎሌው ከመሐላው ንጹሕ እንደሚሆን ነግሮት ነበር። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ በኋላ የርብቃ ፈቃድ ከተጠየቀ፣ የአንተ ሕልም የእኅትህን ፈቃድ ሊተካ አይችልም።

የአገልግሎቱንም ሰበብ ተወው። ያው ሎሌ ማዕድ ሲቀርብለት «ነገሬን እስክናገር ድረስ አልበላም» አለ፤ የመጣበትን ጉዳይ ሰውሮ ከማዕዱ አልቀመሰም። የመዝሙር ጥናት መስሏት የመጣች እህት ተቀምጣ ሳለ ሌላ ነገር ብትሰማ፣ ከዚያ በኋላ ስለ አገልግሎት በጠራሃት ቁጥር ትጠራጠራለች።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። ከቅዳሴ ወይም ከጉባኤ በኋላ ጓደኞቿ ከብበዋት ሳለ አትጥራት፤ በሰው ፊት የሚጠየቅ ሰው እንደ ልቡ አይመልስም። የንስሐ አባቷን ወይም የክፍል ኃላፊዋን አማላጅ አድርገህ አትላክ፤ ሽማግሌ የሚላክበት ጊዜ ገና አልደረሰምና፣ የምታከብራቸውን ሰዎች ፊት ለፊት እምቢ ለማለት ትቸገራለች። ኃላፊዋ ወይም አስተማሪዋ አንተው ራስህ ከሆንህ ግን ያ ኃላፊነት እስኪያበቃ ድረስ ቆይ። ይህ ከሌለብህ በምትለያዩበት ጊዜ ብቻዋን ስታገኛት፣ ወይም በስልክ አጭር መልእክት እንዲህ በላት፦ «ከአገልግሎት ውጪ በሆነ ጉዳይ ነው የምጠይቅሽ። በቅርበት ላውቅሽ እወዳለሁ። ፈቃድሽ ቢሆን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ሻይ እየጠጣን እንጨዋወት። ካልፈለግሽ አልፈልግም ማለትሽ ይበቃኛል፤ ምክንያቱንም አልጠይቅሽም፤ በአገልግሎታችንም ላይ የሚለወጥ ነገር አይኖርም።» ቦታው ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ካፌ ይሁን፤ ለእርሷ የሚቀርበውንም እርሷው ትምረጥ።

በዚህ ንግግር ውስጥ ትዳር የሚለው ቃል እንደሌለ ልብ በል። ሐሳብህን ለመሸሸግ አይደለም፤ ስትጠይቅህ ዓላማህ ትዳር እንደ ሆነ በግልጽ ትነግራታለህ። ነገር ግን የአንድ ሰዓት ጨዋታ ላይ የዕድሜ ልክ ውሳኔን ብትጭንበት ለመምጣት እሺ ማለቷ ለትዳር እሺ ማለት ይመስላታል። ሰዓቱንና ቀኑን መወሰንህም የሚያግዛት ነው፤ «አንድ ቀን እንገናኝ» የሚል ጥያቄ መልስ የሌለው ሆኖ በሁለታችሁ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሎሌው ነገሩን ሲጨርስ የጠየቀው ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም እንዲነግሩት፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እንዲሄድ ነበር። አንተም እምቢታውን እንዲህ ልትቀበለው ተዘጋጅ። በባህላችን ፊት ለፊት «አልፈልግም» ማለት ለብዙዎች ይከብዳል። «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል» ብላህ ሌላ ቀን ካልጠቆመችህ መልሷ እምቢታ ነውና ዳግመኛ አትጠይቃት። «እስቲ ላስብበት» ካለችህ ግን ጊዜ ስጣት፤ እርሷ እስክታነሣው ድረስ አንተ አታንሣው፤ በየቀኑ መልእክት አትላክ፤ ጓደኞቿንም «ምን አለች?» እያልህ አትጠይቅ። በሚቀጥለው እሑድ ስታገኛት እንደ ወትሮው ሰላም በላት፤ በመዝሙር ጥናቱም የነበረህን ቦታ አትቀይር።