«ጋብ አለ»፣ «ገፋ»፣ «አገረሸ»፣ «ዳነ»

ጥያቄ፦ «እናቴ የአንጀት ካንሰር ወደ ጉበቷ ተሰራጭቶ ሕክምና ላይ ናት። ባለፈው ቀጠሮ “ፓርሻል ሪሚሽን” ተባልን። እህቴ “እማዬ ድናለች” ብላ ለዘመድ ሁሉ ደወለች። አሁን ደግሞ ወረቀቱ “ፕሮግረሽን” ይላል። እህቴ “እድገት ማለት ነው፣ ጥሩ ነው” ትላለች። ወንድሜ “አገረሸባት” ይላል። ትክክለኛው አማርኛ የቱ ነው? የሦስቱን የሲቲ ስካን ውጤት አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ሦስቱም ቃላት እዚህ ቦታ ላይ አልገቡም። «ድናለች» ቸኩሏል፣ «እድገት» አሳስቷል፣ «አገረሸባት» ደግሞ ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ቃል ነው። ይህን ጥያቄ ለሌላ ሳምንት ማሳደር ያልቻልኩት በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ዘመዴ አስተርጓሚ ሆኜ ሐኪም ቤት ገብቼ ነበር። ሐኪሙ «ሪሚሽን» አለ፣ በሽታው ጋብ ብሏል ማለቱ ነበር። እኔም «ድነሃል ይልሃል» አልኩት። ዘመዴ ከዚያ በኋላ ቀጠሮውን ተወ። የዳነ ሰው ምን ብሎ ይመላለሳል? በሽታው መመለሱን ያወቅነው ዘመዴ ታሞ ሲወድቅ ነው። ያቺን አንዲት ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከወረቀቶቹ እንነሳ። ሐኪሙ በእናትዎ ጉበት ላይ ሁለት ዕጢዎችን መርጦ ይለካል። መጀመሪያ አንዱ 40፣ ሌላው 30 ሚሊ ሜትር ነበር። ድምሩ 70 ነው። ከሕክምናው በኋላ 20 እና 16 ሆኑ፤ ድምሩ 36። ግማሽ ያህል ቀንሷል ማለት ነው። የካንሰር ሐኪሞች ለእንዲህ ዓይነት ዕጢ «ሬሲስት» የሚሉት የአለካክ ደንብ አላቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2009 ተሻሽሏል። በደንቡ መሠረት የዲያሜትሮቹ ድምር ቢያንስ 30 በመቶ ከቀነሰ «ፓርሻል» ይባላል፣ በከፊል ማለት ነው። ዕጢው አለ፣ ግን አንሷል። አማርኛችን ለዚህ የታወቀ ቃል አለው፦ «ተሻላት»። «ተሻለ» የማወዳደሪያ ቃል ነው። ከትናንቱ ዛሬ ይሻላል እንላለን። ተሻለ ስንል ጨርሶ ሄደ አላልንም። እህትዎ ለዘመድ «ተሽሏታል» ቢሉ ኖሮ አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ወረቀት። 26 እና 20 ይላል፣ ድምሩ 46። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው። 46 ከ70 ያንሳል። እናትዎ ሕክምና ከጀመሩበት ቀን ይልቅ ዕጢው ዛሬም ትንሽ ነው። ታዲያ ስለምን ክፉ ወሬ ሆነ? ምክንያቱም «ፕሮግረሽን» የሚለካው ከመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ዕጢው በጣም አንሶ ከነበረበት ቀን ነው። የእናትዎ ትንሹ ልክ 36 ነበር። ከ36 ወደ 46 ሲሄድ በ10 ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛ ደግሞ በ28 ያህል ጨምሯል። ደንቡ የሚጠይቀው ቢያንስ 20 በመቶ ጭማሪ ነው፣ ጭማሪውም ከ5 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። አምስቷ ሚሊ ሜትር የተጨመረችው ያለ ነገር አይደለም። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ዕጢ ቢለኩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። የእጅ ልዩነት የበሽታ ለውጥ መስሎ እንዳይታይ ነው። ድምሩ 39 ወይም 40 ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ «ፕሮግረሽን» አይልም ነበር። አዲስ ዕጢ በሌላ ቦታ ከታየ ግን አሮጌዎቹ ባሉበት ቢቆዩም ፕሮግረሽን ነው።

እንግዲህ «ባሰባት» ማለት ለምን እንደማይመቸኝ ይገባዎታል። «ባሰ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጋር ያወዳድራል። «እድገት»ማ ጭራሹን አይሆንም። በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም እድገት የሚባለው የምሥራች ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች «ዕጢ ያድጋል አይደል እንዴ? እድገት ቢባል ምን አለበት?» ይላሉ። ዕጢ ያድጋል፣ ልክ ነው። «ዕጢው አድጓል» ሲባል ባለቤቱ ስለተጠራ ማንም አይሳሳትም። ወረቀት ላይ ብቻውን «እድገት ታይቷል» ሲባል ግን ያደገው ማን እንደሆነ አይታወቅም። የላቲኑ ምንጭ ራሱ ወደ ፊት መራመድ ማለት ነው። ደግነትም ክፋትም የለበትም። ማን እንደተራመደ ብቻ ነው የሚወስነው። እዚህ የተራመደው በሽታው ነው።

አማርኛ ለዚህ «ገፋ» አለው። ሌሊቱ ገፋ፣ ዕድሜዋ ገፋ፣ እርግዝናዋ ገፋ፣ በሽታው ገፋ። ሁሉም ያልቆመ ነገር ወደ ፊት መሄዱን ይናገራሉ። «ጋብ ካለበት ተነስቶ ገፋ» ቢባል የሦስተኛው ወረቀት ፍቺ ሙሉ ነው።

«አገረሸ» የምወደው ቃል ነው፣ ስለዚህ ያለቦታው ሲገባ ያመኛል። ቁስል ያገረሻል፣ ወባ ያገረሻል፣ ታርቀው የነበሩ ሰዎች ጠብ ያገረሻል። በሁሉም ውስጥ አንድ ባዶ ጊዜ አለ። ነገሩ አልፏል ተብሎ ነበር፣ ከዚያ ተነሳ። «ሪከረንስ» ይኸው ነው። በምርመራ ምንም ያልታየበት ጊዜ መሀል ላይ መኖር አለበት። የእናትዎ ዕጢ ግን በጣም ባነሰበት ጊዜም ድምሩ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ነበረ። ስለዚህ አላገረሸም፣ ገፋ እንጂ። አንጀቱ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት፣ ለሁለት ዓመት ምንም ሳይታይ ቆይቶ ጉበት ላይ ቢገኝ ኖሮ ወንድምዎ ልክ ነበሩ። (በነገራችን ላይ ያኔም ቢሆን ስሙ የአንጀት ካንሰር ነው። ጉበት ላይ ስለተገኘ የጉበት ካንሰር አይሆንም፣ መድኃኒቱም የሚመረጠው በምንጩ ነው።) በርግጥ ዛሬ ሰው ሁሉ «ካንሰሩ ተመለሰ» ነው የሚለው። «አገረሸ»ን የሚል እያነሰ መጥቷል። «ተመለሰ» አይከፋም፣ ይገባል። ቅር እያለኝ ተቀብየዋለሁ።

ሰዋስዉን አንድ ጊዜ ልብ ይበሉልኝ። አገረሸ‑በት፣ ገፋ‑በት፣ ጠና‑በት። ታገሰ‑ለት፣ ጋብ አለ‑ለት። የጉዳቱ ወሬ በ«በ»፣ የእፎይታው በ«ለ» ይታሰራል። አማርኛ በሽተኛውን ከግሱ ጭራ ላይ አስሮ ነው የሚናገረው። «ሪሚሽን ላይ ነች» ሲባል ይህ ሁሉ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክሬ ልምጣ። «ሪሚሽን»ን «ስርየት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። መከራከሪያቸው ቀላል አይደለም። የኃጢአት ስርየትን እንግሊዝኛውም በዚሁ ቃል ይጠራዋል። ከዚያም ግእዝን ይጠቅሳሉ። ሐኪም በግእዝ «ዐቃቤ ሥራይ» ነው፣ የመድኃኒት ጠባቂ። «ሥራይ» መድኃኒት ከሆነ «ስርየት» ለሕክምና ቢውል ምን ይገርማል ይላሉ። እዚህ ላይ ግን ፊደል መለየት ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በንጉሡ ሠ ነው፣ ሠረየ። ይቅርታው በእሳቱ ሰ ነው፣ ሰረየ። ሁለቱ በድምፅ ስለተቀላቀሉ ዛሬ ብዙዎቻችን ስርየትንም በንጉሡ እንጽፈዋለን። ድምፅ አገናኛቸው እንጂ አንድ ቃል አይደሉም።

ፊደሉ ቢስማማ ኖሮስ? እውነቱን ልናገር፣ ያኔም አልቀበለውም ነበር። በካንሰር የታመመች እናት «ስርየት አግኝተሻል» ስትባል መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን በድዬ ነበር?» ነው። ደግሞም የተሰረየ ኃጢአት ተሰረየ፣ በየሦስት ወሩ ምርመራ አይታዘዝበትም። የላቲኑ ሥር ማላላት፣ መልቀቅ ነው። የተወጠረ ገመድ ሲላላ ማለት ነው። ይህ ከይቅርታ ይልቅ ለ«ጋብ አለ» ይቀርባል። ዝናብ ጋብ ሲል ጃንጥላውን የሚጥል የለም። ደመናው እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ምንም የማይታይበት ሙሉ ጋብታም ቢሆን መዳን አይደለም። 1 ሴንቲ ሜትር የሆነች ዕጢ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ። ጥቂት ሺዎች ብቻ ቢቀሩ ሲቲ ስካን አያያቸውም። «ጠፍቷል» የተባለው ከምስሉ ላይ ነው። በጋብታና በመዳን መሀል ያለው ጊዜ ነው፣ እሱም እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል። በቀዶ ጥገና የወጣ የአንጀት ካንሰር የሚያገረሽ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ነው። ከ5 ዓመት በኋላ ጥቂት ነው። ሆርሞን የሚቀበል የጡት ካንሰር ግን ከ10፣ ከ20 ዓመትም በኋላ ሊመለስ ይችላል። አንዱ «ዳነ» በሌላው ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። «ዳነ» ከግእዙ «ድኅነ» የመጣ ነው፣ ከጥፋት አመለጠ ማለት ነው። «መድኃኒት»ም «መድኃኔዓለም»ም ከዚያው ናቸው። ይህን ያህል ክብደት ያለው ቃል በሁለተኛ ቀጠሮ ላይ አይወጣም።

«ጋብታ» የሚለውን ስም ወረቀት ላይ የሚጽፍ እንደሌለ አውቃለሁ። ታማሚዎቹ ራሳቸው «ሪሚሽን» ማለት ለምደዋል። «ስርየት»ም በትርጉም ጽሑፎች እየገባ ነው። እኔ ግን ለሰው ስናገር «ጋብ ብሎላታል» ማለቴን አልተውም።

ለእናትዎ እንዲህ ሊሏቸው ይችላሉ፦ «ጋብ ብሎልሽ የነበረው እንደገና ገፍቷል፤ ከመጀመሪያው ቀን ግን አሁንም ያንሳል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥልሽ ይችላል።» በሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ አዲሱ ወረቀት ሲሰጣችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ከየትኛው ቀን ምስል ጋር አወዳድራችሁ ነው?»