የ3 ዓመት ማሽን ከ6 ዓመት ማሽን ጋር እንዴት ይወዳደራል? ጥያቄና መልስ ከጅማ

እዚህ ጅማ ለቡና አቀናባሪዎች ሒሳብ እሠራለሁ። መኸሩ ሳይገባ ሁሌ የሚመጣብኝ ጥያቄ ስለ ማሽን ግዢ ስለሆነ፣ ያላችሁን ጠይቁ አልኩ። የመጡትን ከነመልሳቸው ይኸው።

ከአጋሮ፦ *ሁለት የእሸት ቡና መፈልፈያ ቀርቦልኛል። ትንሹ 900,000 ብር ነው፣ 3 ዓመት ይሠራል፣ ወጪው ተቀንሶ በዓመት 560,000 ያስገባል። ትልቁ 1,600,000 ነው፣ 6 ዓመት ይሠራል፣ በዓመት 600,000 ያስገባል። የባንክ ወለዴ 20 በመቶ ነው። ልጄ በኮምፒውተር ሠርታ ትልቁ ይበልጣል አለችኝ። ልግዛው?*

ጋሼ፣ ልጅዎ ስሌቱን አልሳተችም። የወደፊቱን ገቢ በ20 በመቶ ቀንሰን ወደ ዛሬ ብር ስናመጣውና የመግዣውን ዋጋ ስናነሣለት፣ የትንሹ የተጣራ የአሁን ዋጋ 279,600 ብር ገደማ ይመጣል፣ የትልቁ ደግሞ 395,300። ችግሩ ንጽጽሩ ላይ ነው። ትልቁ ያንን ብር ለማምጣት 6 ዓመት ፈጅቷል። ትንሹ በ3 ዓመት ጨርሶ እርስዎ ሌላ ገዝተው ሥራ ይቀጥላሉ። ያ ሁለተኛው ዙር በልጅዎ ስሌት ውስጥ የለም።

ስለዚህ እያንዳንዱን የአሁን ዋጋ በየራሱ ዕድሜ ላይ እኩል ዓመታዊ ገቢ አድርገን እንዘረጋዋለን። ማካፈያው በ20 በመቶ ለ3 ዓመት 2.1065፣ ለ6 ዓመት 3.3255 ነው። ትንሹ በዓመት 132,750 ብር ይሰጣል፣ ትልቁ 118,900። ትንሹ በለጠ። ልጅዎ ኤክሴል ላይ ይህን ትጻፍ፦

```
=PMT(0.2,3,-(PV(0.2,3,-560000)-900000))
=PMT(0.2,6,-(PV(0.2,6,-600000)-1600000))
```

ካላመኑኝ በሌላ መንገድ ይፈትሹት። ትንሹን ሁለቴ ገዝተው 6 ዓመት ይሙሉ። የሁለተኛው ዙር 279,600 የሚመጣው ከ3 ዓመት በኋላ ስለሆነ ለ1.728 ይካፈላል፣ 161,800 ይሆናል። ከመጀመሪያው ጋር ሲደመር 441,400 ነው። የትልቁ 395,300 ላይ ቀረ። ገና ግን ገንዘብዎን አያውጡ፣ ከታች የሚመጣውን ያንብቡ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ *ይሄ ሁሉ ለምን? የአሁኑን ዋጋ ለዓመታቱ ብዛት ማካፈል አይበቃም? 279,600 ለ3፣ 395,300 ለ6፤ መልሱ ያው ትንሹ ነው።*

እዚህ ላይ አሸናፊው ተገጣጠመልህ። ቁጥሩ ግን ምንም አይነግርህም። 93,200 ብር ለ3 ዓመት በየዓመቱ ብትቀበልና በ20 በመቶ ብትቀንሰው 196,300 ገደማ ነው የሚሆነው፣ 279,600 አይሞላም። ደፍነህ ስታካፍል የረጅሙን ዕድሜ ማሽን ይበልጥ ትጎዳዋለህ፣ ምክንያቱም 6 በጣም ትልቅ ማካፈያ ነው፤ ትክክለኛው 3.3 ገደማ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ሲሆኑ አሸናፊውን ይገለብጥብሃል።

ከሂርማታ፦ *እኔም ዓመታዊ ክፍያ ገብቶኛል። ባንኩ ለባጃጅ ብድር በየወሩ እኩል ክፈል ብሎኛል። ያ ነው አይደል?*

አይደለም ወንድሜ። ያንተ የብድር ክፍያ ነው፣ ከኪስህ የሚወጣ። እዚህ የምናወራው ማሽኑ ወጪውን ሁሉ ከመለሰ በኋላ የሚተርፈው በዓመት ሲመነዘር ስንት እንደሚሆን ነው። ኤክሴል ላይ ግን ያው ቀመር መሆኑ እውነት ነው፤ ያደናገረህም እሱ ይሆናል።

ከጅሬን፦ *ከ3 ዓመት በኋላ ትንሹን ማሽን በ900,000 ማን ይሰጠዋል? ዶላሩን አላየህም?*

የዚህ ገጽ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ከላይ ያለው ስሌት ትንሹ ማሽን በ3ኛው ዓመት በዛሬው ዋጋ እንደሚገዛና ገቢውም እንደማይለወጥ ታሳቢ ያደርጋል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ማሽን እንዲህ ባለ ጊዜ ባለበት አይቆምም።

የትንሹ ብልጫ ምን ያህል ጭማሪ ይችላል? በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በዛሬ ብር 46,100 ነው። ወደ 3ኛው ዓመት ስንወስደው 79,700 ይሆናል። ገቢው ባለበት ቆሞ ሁለተኛው ማሽን ከ980,000 ብር ካለፈ ትልቁ ያሸንፋል። 9 በመቶ ያህል ጭማሪ ማለት ነው። በ3 ዓመት! እኔ ብሆን በዚህ ልዩነት ብቻ ትንሹን ግዙ ብዬ አልምልም።

ከጅሬን፣ እንደገና፦ *እንግዲያው የዋጋ ንረቱን ለመያዝ 20ውን ወደ 30 በመቶ ከፍ ማድረግ ነዋ።*

ግማሹን ይዘኸዋል። ንረት ሲኖር የብር ወለድም ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። ግን ተመኑን ብቻ ከፍ አድርገህ ገቢውን በዛሬ ዋጋ ከተውከው ረጅሙን ማሽን ያለጥፋቱ ትቀጣዋለህ። የእሱ ገቢ ሩቅ ዓመት ላይ ነው ያለው። ወይ ገቢውንም የማሽኑንም ዋጋ በየዓመቱ አሳድገህ በባንኩ ወለድ ትቀንሳለህ፣ ወይ ሁሉንም በዛሬ ዋጋ ትተህ ንረቱ በወጣለት ተመን ትቀንሳለህ። ንረቱ ሲወጣ 5 በመቶ ብቻ ቀረ እንበል። ትልቁ በዓመት 284,800 ይሰጣል፣ ትንሹ 229,500። ተገለበጠ። የአጋሮው ጋሼ ቁጥርም ይሄው ችግር አለበት፦ ወለዱ የንረት ወለድ ነው፣ ገቢው ግን ባለበት የቆመ።

*ቡና ግን ከንረቱ እኩል አይጨምርም* ብሎ የጅሬኑ ጠያቂ መልሶ ጽፎልኛል። ልክ ነው፣ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እየወጣ እየወረደ ነው። በዚህ አልተስማማንም፤ እኔ ሁለቱንም ሠርቶ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከፈረንጅ አራዳ፦ *ካፌ ልከፍት ነው። አንዱ ቤት የ4 ዓመት ኪራይ ውል ያለው ነው፣ ከዚያ ባለቤቱ ያፈርሰዋል። ቆጪ ያለው ደግሞ 7 ዓመት ነው። ዓመታዊውን ላስላ?*

ተይው እህቴ። ዘዴው የሚሠራው ሲያልቅ ያንኑ ነገር መድገም ስትችዪ ነው። የሚፈርስ ቤት አይደገምም። ከ4 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ ኪራይ እንደማታገኚ ካወቅሽ የሁለቱን የተጣራ የአሁን ዋጋ እንዳለ አወዳድሪ። ዓመታዊው የፈረሰውን ቤት መልሶ ይሠራልሽና ያታልልሻል።

ከማና፦ *እኔ ወለድ አልነካም፣ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ በትርፍ ነው የሚሸጥልኝ። ታዲያ በስንት ልቀንስ?*

ሐጂ፣ ተመኑ የግድ ወለድ መሆን የለበትም። ይህን ገንዘብ ማሽን ላይ ባያውሉት የት ያውሉት ነበር? ጀንፈል ገዝተው ቢያስቀምጡ፣ ሱቅ ቢጨምሩ በዓመት ስንት ያተርፋሉ? ያ ነው ተመኑ። የባንኩ ትርፍ በማሽኑ ዋጋ ውስጥ ስለገባ ደግመው አይቁጠሩት፤ ክፍያው በየዓመቱ ከሆነም ክፍያዎቹን በሚወጡበት ዓመት ያስገቡ። የእርስዎ ማሽኖች ከአጋሮው ጋር አንድ ዓይነት ከሆኑ አንድ ነገር ልንገርዎት፦ ሁለቱ የሚስተካከሉት 17.3 በመቶ አካባቢ ነው። ገንዘብዎ ሌላ ቦታ ከዚያ በላይ የሚያተርፍ ከሆነ ትንሹ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ትልቁ ይሻላል። ጀንፈል ላይ ስንት እንደሚያተርፉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።