ቀንበሩ አምስት፣ በሬው ስምንት

ልጆቼ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቼ አሁን ደሴ ቤቴ ሆኜ የሰፈር ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አግዛለሁ፣ እና ሁሌ የማየው አንድ ስህተት ስላለ ነው የምፅፍላችሁ። የሁለት ነገር ግራም ተሰጥቷችሁ ሊሚቲንግ ሪአጀንቱ የቱ ነው ስትባሉ ትንሹን ቁጥር ታነሳላችሁ።

ባለፈው አንዲት ልጅ ይሄን ይዛ መጣች፦ 28 ግራም ብረት ከ29.2 ግራም HCl ጋር ቢገናኝ ስንት ግራም FeCl₂ ይወጣል? "ጋሼ ብረቱ ያንሳል፣ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው" አለችኝ። ወደ ሞል ቀይሪው አልኳት። ብረቱ 28 ለ56 ሲካፈል 0.5 ሞል፣ HCl ደግሞ 29.2 ለ36.5 ሲካፈል 0.8 ሞል። "ይኸው አሁንም ብረቱ ነው ያነሰው!" አለች ደስ ብሏት።

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችሁ የምትወድቁት፣ ምክንያቱም ባላንስ የተደረገው እንዲህ ነው፦

Fe + 2HCl → FeCl₂ + H₂

አንድ ብረት ሁለት HCl ይፈልጋል። እስቲ አልኳት፣ ገጠር አያትሽ ጋ 5 ቀንበርና 8 በሬ ቢኖር ስንት ጥማድ ይወጣል? "አራት።" ቀድሞ ያለቀውስ? ትንሽ ዝም አለችና "በሬው፣ አንድ ቀንበር ይተርፋል" አለች፣ ከዛ ወረቀቱን ሳበች።

በቃ እሱ ነው። እያንዳንዱን ሞል ለራሱ ኮፊሸንት አካፍሉት፦ ብረት 0.5 ለ1 ያው 0.5፣ HCl 0.8 ለ2 ግን 0.4። ትንሹ 0.4 ስለሆነ ሊሚቲንጉ HCl ነው፣ በግራምም በሞልም በልጦ ሳለ ማለት ነው። FeCl₂ም 0.4 ሞል ይወጣል፣ በ127 ስታባዙት 50.8 ግራም፣ ቲዎረቲካል ይልዱ ይሄ ነው። ከብረቱ ብትነሱ ኖሮ 63.5 ግራም ትሉ ነበር፣ ለዛ የሚበቃ አሲድ ግን የለም።

ልክ መሆኑን ለማየት የተረፈውን ደምሩ። ብረት 0.1 ሞል፣ 5.6 ግራም ይተርፋል፣ ጋዙ 0.8 ግራም ነው፣ ከ50.8 ጋር 57.2 ይመጣል፣ መጀመሪያ ያስገባነውም 28 ሲደመር 29.2 ያው 57.2። ላብ ውስጥ ደግሞ በአይን ይታያል፣ አረፋው ቆሞ የብረቱ ብናኝ ስር ተኝቶ ይቀራል።

እኔ ወጣት እያለሁ ይሄንኑ ጨው አትንኜ ስመዝን ካሰላሁት በላይ መጣብኝ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ስንት ጊዜ ደጋገምኩት። ሚዛኑ ደህና ነበር። ከውሃ ውስጥ የሚወጣው አረንጓዴ ክሪስታል FeCl₂·4H₂O ነው፣ አራት ውሃ ይዞ ሞላር ማሱ 199 ይሆናል፣ ስለዚህ ያው 0.4 ሞል 79.6 ግራም ይመዝናል።